ራውተሩን ከማስከፈታችሁ በፊት መስመሩ በማን ስም እንደሆነ አጣሩ

ከአዳማ ጀርመን የገቡ ልጆች በየጊዜው ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ የራውተሩ ፓስወርድ አልከፍት አለኝ፤ ለኢንተርኔት ድርጅቱ ምን ብዬ ልጻፍ?» እዚያ ዓመታት ኖሬ ስለተመለስኩ እኔን መጠየቃቸው አይገርመኝም። መልሱን ግን ለእያንዳንዱ ከምደግም አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ የትኛው ፓስወርድ ነው የጠፋባችሁ? የዋይፋዩ አንድ ነው፤ የራውተሩ አስተዳዳሪ፣ ማለትም አድሚን፣ ሌላ ነው። የአድሚኑ የሚጠየቀው በብሮውዘር `192.168.1.1` ወይም የራውተራችሁን አድራሻ ጽፋችሁ ቅንብሩን ስትከፍቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። እባካችሁ ከመደወላችሁ በፊት ገልብጡት።

ያ ካልሠራ አንድ ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያ ሰው ቤቱን የለቀቀላችሁ ሐበሻ ነው። «መስመሩ ይቀጥል፣ ገንዘቡን በየወሩ ላክልኝ» ብሎ ሄዷል። አዳማ ውስጥ ይህ ነውር የለውም። ፍራንኮ ሠፈር አንዱ በአባቱ ስም ያስገባውን ዋይፋይ ግቢው ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ጀርመን ግን ድርጅቱ የሚያውቀው ውሉን የፈረመውን ሰው ብቻ ነው። በየወሩ የከፈላችሁት እናንተ ብትሆኑም ለእነሱ እንግዳ ናችሁ።

እኔን የያዘኝ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የጻፍኩት ደብዳቤ አጭር ነበር፦ የአድሚን መግቢያው ይታደስልኝ የሚል። ስለ ውሉ ባለቤት አንድ ቃል አልነበረውም። የደንበኛ ቁጥሩን ከድሮ ደረሰኝ ላይ ገልብጬ ስለጻፍኩ ድርጅቱ ተቀበለው። አዲሱን መግቢያ ግን የላከው በመዝገቡ ላይ ወዳለው ስልክ ነው። ያ ስልክ ከእኔ በፊት ከቤቱ የወጣው ሰውዬ ቁጥር ነበር። ከዚያም በመርፌ የሚነካውን የሪሴት ቀዳዳ ስጫን ራውተሩ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ኢንተርኔቱ ግን ጠፋ። ለምን ቢሉ፣ በስልክ ሽቦ በሚመጣው የዲኤስኤል መስመር ራውተሩ ከድርጅቱ ጋር የሚገናኝበት የተጠቃሚ ስምና ቁልፍም አብሮ ተሰርዟል። እነዚያ የሚገኙት ድርጅቱ ለውሉ ባለቤት በላከው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የእርስዎ ሳይሆን የእሱ ነው አሉኝ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ባለቤትነት፣ ቀጥሎ ስልክና አድራሻ ማስተካከል፣ መጨረሻ ላይ መግቢያ ማሳደስ። አጠያየቁም ልዩነት አለው። «መስመሩ የማን ነው?» ብትሏቸው አይመልሱም፤ የሌላ ሰው መረጃ ስለሆነ ሕጉ ይከለክላቸዋል። «በእኔ ስም ውል አለ ወይ?» ካላችሁ ግን ስለራሳችሁ ነውና መልስ አላችሁ። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ በመርህ ደረጃ የአንድ ወር ገደብ አስቀምጧል።

ደብዳቤው በጀርመንኛ ይሁን። ይዘቱ ይህ ነው፦

«እኔ (ሙሉ ስም እንደ ፓስፖርቴ)፣ የተወለድኩት (ቀን)፣ የምኖረው (አድራሻ)። የደንበኛ ቁጥር (…)። የራውተሩ መለያ ቁጥር (…)። አንደኛ፣ ይህ ውል በእኔ ስም መመዝገብ አለመመዝገቡን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ። ሁለተኛ፣ በመዝገቡ ያለው ስልክና ኢሜይል የእኔ ካልሆነ በዚህ ደብዳቤ ግርጌ በጻፍኩት ስልክና ኢሜይል እንድትቀይሩልኝ። ሦስተኛ፣ ራውተሩ የእናንተ ንብረት ከሆነ የአድሚን መግቢያውን እንድታድሱልኝ፣ የግንኙነት መረጃውንም ከላይ ባለው አድራሻ በፖስታ እንድትልኩልኝ።»

ሦስተኛው ላይ «የእናንተ ንብረት ከሆነ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ራውተሩን ራሳችሁ ከሱቅ ገዝታችሁ ከሆነ ድርጅቱ አድሚኑን ሊነካላችሁ አይችልም። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ የግንኙነት መረጃው ብቻ ነው። በጀርመን ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራውተር መምረጥ የደንበኛው መብት ስለሆነ መረጃውን መስጠት አለባቸው።

ፈርሙበት፣ በአደራ ደብዳቤ ላኩት። የፓስፖርት ቅጂ ከጠየቁ ለዚህ ጉዳይ የማያስፈልጉትን ቁጥሮች አጥቁሩና «ቅጂ» ብላችሁ በላዩ ጻፉበት። ፓስወርድ ግን ደብዳቤ ላይ በፍጹም አትጻፉ።

መልሱ «በስምዎ ውል የለም» ከሆነ ከወጣው ሰው ጋር ሁለታችሁም የምትፈርሙበት የውል ዝውውር ጠይቁ። ድርጅቱም መስማማት አለበት። ሰውዬው «ኋላ እንፈርማለን» ካላችሁ በእኔ አስተያየት ገንዘብ መላኩን አቁማችሁ የራሳችሁን ውል ክፈቱ። ለእሱም አይበጀውም፤ እናንተ በዚያ መስመር ያለ ፈቃድ ፊልም ብታወርዱ የፊልሙ ባለመብት ጠበቃ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው በስሙ ነው።

አዲሱ መግቢያ ሲደርሳችሁ ያኔውኑ ቀይሩት። ከዚያ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ክፈቱ፤ የማታውቁት ስም ካለ ሰርዙ። ከውጭ ሆኖ መግባት የሚፈቅደውን ቅንብርም ዝጉት።