ቁጥር 1 ተወደደ፣ ቁጥር 5 ላይ ሰው ጠፋ፦ የሳምንታዊ ካሩሰል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሐዋሳ ውስጥ ችግኝና የቤት ውስጥ አበባ የምትሸጥ ወዳጅ አለችኝ። ኢንስታግራም ላይ በየሳምንቱ «ይህ ቅጠል ምን ሆነ?» የሚል ካሩሰል ትለቃለች። አንድ የታመመ ቅጠል፣ ምክንያቱና መድኃኒቱ፣ በ8 ስላይድ። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ሥራውንም ታውቀዋለች። ግን አምስተኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ቀዘቀዘ። ገጹን አብረን ስናስተካክል ያየናቸው ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ችግር፦ የድሮ ተከታዮች አሉ፣ አዲስ ሰው ግን አይመጣም

ይህን በላይክ ብዛት አታውቁትም። የእያንዳንዱን ፖስት ኢንሳይት ክፈቱና ካዩት ሰዎች ስንቱ ተከታይ፣ ስንቱ እንግዳ እንደሆነ ተመልከቱ። ፖስቱ በወጣ በ7ኛው ቀን ማስታወሻ ላይ መዝግቡት። ዛሬ ገብታችሁ ሁሉንም ባንዴ ካነጻጸራችሁ፣ የቆየው ፖስት ብዙ ጊዜ ስላገኘ ብቻ የተሻለ ይመስላል። ተከታዩ እንዳለ ሆኖ እንግዳው ብቻ እየቀነሰ ከሄደ፣ ጥፋቱ ያለው ሽፋኑ ላይ ነው።

የወዳጄ ሽፋን ላይ በትልቁ የተጻፈው «ክፍል 5» ነበር። ከሥሩ የሱቁ ስም፣ ከዚያ በደቃቅ ፊደል የሳምንቱ ጉዳይ። ገጿን አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ቀድሞ የሚታየው ያመለጡት 4 ክፍሎች ናቸው። ማንም ድራማ ከመሃል አይጀምርም፤ አልፎ ይሄዳል።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በትልቁ የሚጻፈው የቅጠሉ ምልክት ይሁን፦ «የሎሚ ቅጠል ሲዳሰስ ይጣበቃል»። «ይህ ቅጠል ምን ሆነ?» የሚለው የተከታታዩ ስም ሁልጊዜ ከላይ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀለም ይቀመጥ። ቁጥሩ ማዕዘን ላይ «ቁ. 7» ተብሎ በትንሹ ይግባ። «7/10» ብላችሁ አትጻፉ። ሰው የስላይድ ቁጥር ይመስለዋል፤ ለራሳችሁም 10 ላይ የመቆም ግዴታ ትገባላችሁ።

ማዕዘን ስል ጫፉ ድረስ ማለቴ አይደለም። ሽፋኑን በተለመደው 1080 በ1350 ፒክስል ከሠራችሁት፣ አሁን የፕሮፋይል ሰሌዳው 3 ለ4 ስለሆነ ከግራና ከቀኝ 34 ፒክስል ገደማ ይቆረጣል። የእሷ ቁጥር ግማሹ እየተበላ 7ቱ 1 ይመስል ነበር። ከጫፍ ቢያንስ 80 ፒክስል ግቡ።

ችግር፦ ተከታዮችም «ይህን አይቼዋለሁ» ብለው ያልፋሉ

ይህ አንድ ወጥ አደርጋለሁ ሲባል የሚመጣ ጣጣ ነው። ያው አረንጓዴ መደብ፣ ያው ማሰሮ፣ ያው ከላይ የተነሳ ፎቶ። የፕሮፋይል ሰሌዳውን ከፍታችሁ ስልኩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ቁጥር 4ን ከቁጥር 5 መለየት ካቃታችሁ ተከታዩም አይለይም። የስሙን ቦታ፣ ፊደሉንና የቁጥሩን ማዕዘን አትንኩ። ፎቶው ግን በየሳምንቱ ይለወጥ፤ አንዱ ሳምንት ቅጠሉን አፍንጫው ድረስ ተጠግቶ፣ ሌላው ሙሉ ዛፉን።

ችግር፦ ሰው ወደደ፣ ሴቭ አደረገ፣ ግን በሳምንቱ አልተመለሰም

ዋናው በሽታ ይህ ነው። የመጨረሻው ስላይድ «በሚቀጥለው ሳምንት በአዲስ ርዕስ እንጠብቃችኋለን» ይላል። ለምን ይመለስ? የጎደለው ነገር የለም፣ የፈለገውን አግኝቷል። ቁጥር መስጠት ብቻውን ሰው አይመልስም። የሚመልሰው ክፍት የተተወ ጥያቄ ነው፣ ያውም ሰው ግምቱን ከጻፈበት በኋላ። ኮሜንት ላይ «ውሃ በዝቶበት ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ትክክል መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል።

ስለዚህ የቁጥር 6 የመጨረሻ ስላይድ አንድ ፎቶ ሆነ። ጫፍ ላይ ያሉ አዳዲስ የሎሚ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል፣ የቅጠሎቹ ደም ሥሮች ግን አረንጓዴ ናቸው። «ውሃ በዝቶ? ብረት አንሶት? ወይስ ፀሐይ?» መልሱ በቁጥር 7።

መልሱን የት እናስቀምጠው የሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሷ ስላይድ 2 ላይ አለች። እኔ ስላይድ 7 ላይ። ኢንስታግራም ሽፋኑን አይቶ ላለፈ ሰው ያንኑ ካሩሰል ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ መልሶ ሊያሳየው ይችላል። እዚያ ላይ ያልጠየቀው ጥያቄ መልስ ከጠበቀው እንግዳው ግራ ይጋባል። ስላይድ 2 ራሱን የቻለ ሌላ ሽፋን መሆን አለበት። መልስ የሚጠብቀው ሰው ግን እስከ 7 ድረስ ያንሸራትታል፤ በመንገዱም የዛሬውን ያነባል።

ቁጥር 7 እንዲህ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የሚጣበቀው የሎሚ ቅጠል፤ ከግርጌ በአንድ መስመር «የቁ. 6 መልስ ስላይድ 7 ላይ»። ስላይድ 2 የቅጠሉን ጀርባ በቅርበት ያሳያል፣ ከላዩም «ጉንዳን ዛፉ ላይ ከተመላለሰ ቅጠሉን ገልብጡ» ይላል። 3 እና 4 ምክንያቱን፦ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት ጣፋጭ ፈሳሽ ይጥላሉ፣ ጉንዳኑም የሚመጣው ለዚያ ነው። 5 እና 6 መፍትሄውን፦ ለስላሳ ሳሙና በውሃ አቅጥኖ የቅጠሉን ጀርባ መጥረግ፣ በሳምንቱ መድገም። ስላይድ 7 የባለፈው መልስ፦ ብረት አንሶት ነው። ውሃ ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢጫ ይሆናል፤ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ከሆነ ግን የብረት ማነስ ያስጠረጥራል። ስላይድ 8 አዲስ የታመመ ቅጠል፣ አዲስ ጥያቄ።

ሠርቷል ወይ የሚለውን ኮሜንት ይነግራችኋል። ቁጥር 7 ላይ «ብያችሁ ነበር!» የሚል ሰው ከመጣ ተመልሷል ማለት ነው። ጥያቄው ግን የምር የሚያከራክር ይሁን። ሁሉም የሚያውቀው ከሆነ ማንም አይገምትም፤ ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው ከሆነም ማንም አይደፍርም።

ያንኑ ካሩሰል ቴሌግራም ቻናል ላይ የምትለቁ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ። እዚያ ፎቶዎቹ ተደርድረው ባንዴ ስለሚታዩ የሚደበቅ ነገር የለም። ጥያቄውን ለብቻው በቴሌግራም ኩዊዝ ማውጣት ይሻላል። አንድ አልበም ደግሞ 10 ፎቶ ነው የሚይዘው፤ 8 ስላይድ ሳይከፈል ይገባል።

ችግር፦ ቁጥር ተዘለለ፣ ወይም ፖስቱ በሌሊት ወጣ

ቁጥሩ ሳምንቱን አይቁጠር፤ የወጣውን ፖስት ይቁጠር። አንድ ሳምንት መብራት ጠፍቶ ወይም ልቅሶ ተገኝቶ ካለፋችሁ፣ ከ8 በኋላ 9 ነው፣ ይቅርታም አያስፈልገውም። ሦስት ካሩሰል አስቀድማችሁ ሠርታችሁ አስቀምጡ፤ ግን ቁጥሩን፣ ስላይድ 7ንና ስላይድ 8ን ባዶ ተዉአቸው። እነዚህን የምትሞሉት ሊወጣ ሲል ነው። አለበለዚያ አንዱን ቦታ ስትቀያይሩ የጥያቄና የመልሱ ሰንሰለት ይበጠሳል።

ወዳጄ የምትለቀው ሐሙስ ማታ ነው፤ ቅዳሜ ችግኝ ሊገዛ የሚወጣው ሰው ሳይረሳው እንዲመጣ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ብላ አስባ ስልኩ ላይ 2:00 ሞልታ ኖሮ፣ አንዱ ፖስት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወጣ። ቀጠሮ ስትይዙ መሙላት ያለባችሁ 20:00 ነው። ስልካችሁ ኤኤምና ፒኤም የሚል ከሆነ ደግሞ 8:00 ፒኤም።