«ዳቦ ስተው ሆዴ ተሻለው»፦ ሴሊያክ ነው፣ የግሉተን አለመስማማት ነው ወይስ ሌላ?

ስንዴ የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ሆድ ይነፋል፣ ድካም ይጫናል፣ አንዳንዴም ተቅማጥ ይከተላል። ሰውየው ዳቦና ፓስታ ይተዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይሻለዋል። ከዚያ «ለካ ግሉተን ነው የማይስማማኝ» ብሎ ይደመድማል። መሻሉ እውነት ነው፣ ማንም ሊክደው አይገባም። የመሻሉ ምክንያት ግን ገና አልታወቀም። አንዱ ምክንያት ዕድሜ ልክ ጥንቃቄ የሚጠይቅ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ከግሉተን ጋር ጨርሶ የማይገናኝ።

ምልክት፦ ዳቦ ሲበላ ሆድ ይታወካል፣ ሲተው ይሻላል

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ፕሮቲን ሲመገብ የሰውነቱ በሽታ የመከላከል ሥርዓት ተነሥቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ እንደ ምንጣፍ ጸጉር ቀጥ ብለው በቆሙ፣ በዓይን በማይታዩ ጣት መሰል ሕዋሳዊ ቅርጾች የተሸፈነ ነው፤ ከምግብ የሚገኘው ንጥረ ነገር ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። በሴሊያክ እነዚህ ቅርጾች እያጠሩ ሄደው ገጹ ልሙጥ ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው ጥሩ እየበላም ብረት፣ ፎሌትና ካልሲየም ያጥረዋል። ብዙ የሴሊያክ ታማሚዎች ወደ ሐኪም የሚሄዱት ሆዳቸውን አሟቸው ሳይሆን በመድኃኒት የማይድን የደም ማነስ፣ ያለ ዕድሜው የሳሳ አጥንት ወይም በክርንና በጉልበት ላይ የሚወጣ የሚያሳክክ ሽፍታ አስቸግሯቸው ነው። በሽታው ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል፤ ብዙዎቹም እንዳለባቸው አያውቁም።

የግሉተን አለመስማማት የሚባለው ግን ሌላ ነው። የሆድ መነፋቱ፣ ድካሙና ራስ ምታቱ ሊመሳሰል ይችላል፤ ሆኖም አንጀት አይጎዳም፣ በደም ውስጥም የሴሊያክ ፀረ እንግዳ አካላት አይገኙም። ይህን ችግር «አለ» ብሎ የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ እስካሁን የለም። ስሙ የሚሰጠው ሴሊያክና የስንዴ አለርጂ አለመኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የስንዴ አለርጂ ደግሞ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽፍታ፣ በከንፈር ማበጥና በትንፋሽ ማጠር ስለሚገለጥ ለመለየት ያን ያህል አያስቸግርም፤ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

መፍትሄው አንድ ነው፤ እኔም በዚህ ጉዳይ አልለሳለስም። ዳቦውን ከመተው በፊት መመርመር። ምርመራው ቲቲጂ-አይጂኤ የሚባል የደም ምርመራ ሲሆን ከእሱ ጋር አይጂኤ የተባለው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ጠቅላላ መጠን አብሮ መታየት አለበት። ምርመራው የሚለካው የሴሊያክ ታማሚ ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ በራሱ ላይ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተን ከቆመ ሰውነት ማምረቱን እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንጀቱም መዳን ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የተደረገ ምርመራ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

ምልክት፦ ምርመራው ነጻ ነው አለ፣ ጥርጣሬው ግን አልለቀቀም

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ሁኔታ በዝርዝር እንይ። አንዲት የ34 ዓመት ሴት አለች እንበል። ለአንድ ዓመት ያህል የደም ማነስ አለባት፤ የብረት ክኒን ትወስዳለች፣ ፌሪቲን የሚባለው የብረት ክምችቷ ግን ከፍ አይልም። ሆዷም ይነፋል። ስለ ግሉተን አንብባ ስንዴ አቆመች፤ ሆዷ ተሻላት። ከአራት ወር በኋላ ስትመረመር ቲቲጂ-አይጂኤ በጤነኛ ወሰን ውስጥ ሆነ። «ሴሊያክ የለሽም» ተባለች።

ውጤቱን ከማመን በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ደሙ ሲቀዳ ግሉተን ትበላ ነበር ወይ የሚለው ነው። አትበላም ነበር፤ ስለዚህ ውጤቱ ምንም አይነግረንም። ሁለተኛው ጠቅላላ አይጂኤዋ ስንት ነው የሚል ነው። ከሴሊያክ ታማሚዎች ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት የሚሆኑት ይህን ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል በተፈጥሮ አያመርቱም፤ በእነሱ ላይ በአይጂኤ የሚሠራው ምርመራ ሁልጊዜ ባዶ ይወጣል። ለእነሱ አይጂጂ በተባለ ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ ምርመራ አለ። የእርሷ ጠቅላላ አይጂኤ ጤነኛ ነው እንበል።

ቀጥሎ ሐኪሙ የዘረመል ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ኤች ኤል ኤ ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 የሚባሉት ዘረመሎች ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ የለም ብሎ ፋይሉን መዝጋት ይቻላል ማለት ይቀላል፤ ይህን ለማየት ግሉተን መብላት አያስፈልግም። ቢገኙ ግን በሽታውን አያረጋግጡም፤ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ይዟቸው ይኖራል፣ አብዛኛውም ሴሊያክ አይዘውም። የእርሷ ዲኪው 2 አለ ተባለ። ጥያቄው ክፍት ነው።

የቀረው መንገድ በሐኪም ክትትል ግሉተን መልሶ መብላት ነው። ብዙ ሐኪሞች የሚያዙት ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ ነው። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ 2 ግራም ገደማ ግሉተን ስላለው በቀን ሦስትና አራት ቁራጭ በቂ ይሆናል። መጠኑን መታገሥ ያልቻለ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሊያሳንሰው ወይም ጊዜውን ሊያሳጥረው ይችላል፤ ያኔ ግን በሽታውን የመሳት ዕድሉ ይጨምራል። በእነዚህ ሳምንታት ሆድ መታወኩ ወይም አለመታወኩ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚጠበቀው የደሙና የአንጀቱ ውጤት ነው።

ሴትዮዋ በስድስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ስትመረመር ቲቲጂ-አይጂኤዋ ከፍ ብሎ ተገኘ። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ በርከት ያሉ ናሙናዎች ተወሰዱ፤ ጉዳቱ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ስለሚገኝ አንድ ናሙና ብቻ መውሰድ ያሳስታል። ቅርጾቹ ጠፍተው ገጹ ልሙጥ ሆኖ ታየ። የብረት ክኒኑ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሠራው ለዚህ ነበር፤ ብረት የሚመጠጠው በትክክል በዚያ የተጎዳ ክፍል ነውና። ስንዴን በራሷ ፈቃድ ተጠንቅቃ ብትተው ኖሮ ሆዷ ዝም ይል ነበር፤ ነገር ግን አጥንቷ ሳይለካ፣ እህትና ወንድሞቿ ሳይመረመሩ፣ በየሰበቡ የሚቀመሰው ቁራጭ ዳቦም አንጀቷን ሲጎዳ ይኖር ነበር። የታማሚ የቅርብ የሥጋ ዘመዶች ከአሥር አንዱ ገደማ በሽታው ሊገኝባቸው ስለሚችል እነርሱም መመርመር አለባቸው።

ምልክት፦ ሴሊያክ ተረጋግጧል፣ ግሉተን ተትቷል፣ ሕመሙ ግን አልሄደም

በጣም የተለመደው መንስኤ ሳይታወቅ የሚገባ ግሉተን ነው። በገብስ ብቅል የተሠራ መጠጥ፣ በዱቄት የተወፈረ መረቅ፣ አኩሪ አተር ሶስ፣ ዳቦ በተቆረጠበት ቢላዋ የተቀባ ቅቤ። አጃ በራሱ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች አይጎዳም፤ ነገር ግን በማሳና በወፍጮ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል ከግሉተን ነጻ መሆኑ ያልተመሰከረለት አጃ አይበላም። ዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት «ከግሉተን ነጻ» የሚለው በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ግሉተን ያለበትን ምግብ ነው። መጠኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ፍርፋሪ ለሴሊያክ ታማሚ ተራ ነገር አይደለም።

መፍትሄው የሚበላውን ሁሉ እየጻፉ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር መመልከትና ቲቲጂውን በየስድስት ወሩ ማስለካት ነው። ቁጥሩ እየወረደ ሕመሙ ከቀጠለ ሌላ ነገር ይፈለጋል፤ ለምሳሌ የተጎዳ አንጀት እስኪድን ድረስ የወተትን ስኳር መፍጨት ሊያቅተው ይችላል።

ምልክት፦ በትክክል ተመርምሮ ሴሊያክ የለም፣ ስንዴ ግን አሁንም ሆድ ይነፋል

ይህ ሕመም የሐሰት አይደለም፤ ግሉተን መሆኑ ግን አጠራጣሪ ነው። ስንዴ ውስጥ ከግሉተን ሌላ ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬት አለ። ትንሹ አንጀት ስለማይፈጨው ወደ ታች ወርዶ በባክቴሪያ ይብላላል፣ ጋዝም ይፈጥራል። በኦስሎ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ ፈትኖታል። ሴሊያክ የሌለባቸው፣ በራሳቸው ውሳኔ ግሉተን የተዉ 59 ሰዎች መልካቸውና ጣዕማቸው የሚመሳሰል ሦስት ዓይነት ምግብ በየተራ ለሰባት ሰባት ቀን በሉ፤ አንዱ ግሉተን፣ ሌላው ፍሩክታን፣ ሦስተኛው ሁለቱም የሌሉበት ነበር። የትኛውን እንደሚበሉ አያውቁም። እጅግ የታመሙት በግሉተኑ ሳምንት የሆኑ 13 ሰዎች ብቻ ነበሩ። 24ቱን ፍሩክታኑ፣ 22ቱን ደግሞ ምንም ያልተጨመረበት ምግብ ባሰባቸው። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻው ቁጥር በደንብ ሊታሰብበት ይገባል፤ ሊያመኝ ነው ብሎ መጠበቅ ብቻውን ሆድን በእርግጥ ያሳምማል።

ፍሩክታን መሆኑን ለማየት ቀላሉ ፍንጭ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ናቸው፤ ሁለቱም ግሉተን የላቸውም፣ ፍሩክታን ግን ሞልቷቸዋል። እነሱም የሚነፉ ከሆነ ጣት መቀሰር ያለበት ወደ ግሉተን አይደለም። መፍትሄው በሥነ ምግብ ባለሙያ እየተመሩ እንዲህ ያሉ ካርቦሃይድሬቶችን ለጥቂት ሳምንታት ቀንሶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ መፈተን ነው። የዳቦ ሊጥ በእርሾ ለረጅም ጊዜ ሲቦካ ፍሩክታኑ ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ያለ ችግር ይበላዋል። ከሴሊያክ ታማሚ በተለየ ይህ ሰው ፍርፋሪ መፍራት አያስፈልገውም፤ የሚስማማውን መጠን አውቆ እስከዚያው መብላት ይችላል።

ምልክት፦ ጤነኛ ሰው «ለጤና» ብሎ ግሉተን ተወ፤ ከወራት በኋላ የሆድ ድርቀትና ክብደት መጨመር መጣ

መንስኤው ግሉተኑን የተካው ነገር ነው። ከግሉተን ነጻ የሆኑ የፋብሪካ ዳቦዎችና ብስኩቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከነጭ ሩዝ ዱቄት፣ ከበቆሎና ከድንች ስታርች ነው። አሰር፣ ፎሌትና ብረት ያንሳቸዋል፤ ግሉተን የሚሰጠውን ልስላሴ ለመተካት ደግሞ ስብና ስኳር ይጨመርባቸዋል። በአሜሪካ ከ100,000 በላይ የጤና ባለሙያዎችን ለ26 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ሴሊያክ በሌለባቸው ሰዎች ግሉተን መብላትና የልብ ሕመም ግንኙነት እንደሌላቸው አሳይቷል። አጥኚዎቹ ያሳሰቡት ግሉተንን መሸሽ ልብን የሚጠቅመውን ያልተፈተገ እህል አብሮ ሊያስቀር እንደሚችል ነው። ብስኩትና ኬክ ትቶ አትክልትና ባቄላ መብላት የጀመረ ሰው ቢሻለው አይገርምም፤ የተሻለው ግን ኬኩን በመተዉ ነው።

መፍትሄው ያልተፈተገ ስንዴና ገብስን ቀስ በቀስ መመለስ ነው፤ አሰር በአንድ ጊዜ ከበዛ ሆድ ስለሚነፋ በሁለት ሳምንት ውስጥ እያሳደጉ፣ ውሃም እየጨመሩ። የደም ማነስ ያለበት ወይም በቤተሰቡ ሴሊያክ የታወቀ ሰው ከሆነ፣ እህሉን ወደ መብላት ከተመለሰ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቲቲጂ-አይጂኤውን ከጠቅላላው አይጂኤ ጋር ያስመርምር።