የብሎግ ዕቅድ ስታወጡ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

ባሕር ዳር ውስጥ ለገስት ሀውሶች፣ ለጀልባ አከራዮችና ለትንንሽ ምግብ ቤቶች ድረ ገጽ እሠራለሁ። አስረክቤ ከሄድኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ብሎጋቸውን ስከፍት የማገኘው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ዛሬ የሆዴን ልናገር።

ብሎጉን በ«እንኳን አደረሳችሁ» መሙላት

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ ባለ ስምንት ክፍል ገስት ሀውስ ነበር። በብሎጉ ላይ አሥራ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። አምስቱ የበዓል መልካም ምኞት፣ ሦስቱ ስለ አዲስ አልጋና ስለ ቀለም ቅብ፣ የቀሩት ስለ ቅናሽ። ወደ ድረ ገጹ የሚመጣው ሰው ሁሉ የቤቱን ስም ጽፎ የፈለገ ነው። ማለትም አስቀድሞ የሚያውቃቸው እንግዳ ብቻ።

እስቲ አስቡት። የእናንተን ስም የማያውቅ ሰው ጉግል ላይ የእናንተን የበዓል መልካም ምኞት ይፈልጋል? የመልካም ምኞቱ ቦታ ቴሌግራም ነው። እዚያ ደንበኞቻችሁ አሉ፣ ደስ ይላቸዋል። ብሎግ ግን ገና ለማያውቃችሁ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው።

የቤቱ ባለቤት እናት የሚሆኑኝ ሴት ናቸው። «እኔ ምን እጽፋለሁ ልጄ? ደራሲ አይደለሁ» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ እንግዶች የላኩላቸውን መልእክት አብረን ማንበብ ጀመርን። «ክብራን ገብርኤል ሴት ይገባል?» «ጢስ ዓባይ አሁን ውሃ አለው?» «ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበቃል?» «ጀልባው ለብቻችን ነው ወይስ ከሌላ ሰው ጋር?» ለሁሉም መልሰዋል፣ ለዚያውም ለዓመታት። ከሰዓቱ ሳያልቅ ሃያ የሚሆን የተለያየ ጥያቄ ደብተር ላይ ጻፍን። «እንዲያው ይሄን ሁሉ ጊዜ ስጽፍ ኖሬያለሁ?» አሉ። አዎ፣ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ጽሑፉ አንድ ሰው ጋ እየደረሰ ይቀር ነበር እንጂ።

የመጀመሪያው ጽሑፋቸው ርዕስ ጥያቄው ራሱ ሆነ። መልሱን ደግሞ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አስቀመጥነው፦ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሴትም ለወንድም ክፍት ነው። ከዚያ በታች ባልና ሚስት አብረው ቢመጡ ጉዞውን እንዴት እንደሚያቅዱት፣ ምን ለብሰው እንደሚሄዱ፣ ጀልባው በስንት ሰዓት ቢነሳ እንደሚሻል። መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር። ስልክ ቁጥሩን የሚረሳው ሰው ብዛት ይገርማችኋል።

ወቅቱ ሲደርስ መጻፍ

ይሄን እኔም አጥፍቻለሁ። ስለ ጢስ ዓባይ ለአንድ ደንበኛ የጻፍኩት ጥቅምት ላይ ነበር። «አሁን ፏፏቴው ሞልቷል፣ ኑ» ብዬ። የአዲስና ትንሽ ድረ ገጽ ጽሑፍ ጉግል ላይ ወዲያው ወደ ላይ አይወጣም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። የእኔ ጽሑፍ መታየት ሲጀምር ጥር ገብቶ ነበር። በበጋ ደግሞ ከወንዙ ብዙው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው ይቀጥናል። ያን «አሁን» አንብበው የመጡ አንድ ቤተሰብ ቀጭን ውሃ አይተው ተመለሱ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። «አሁን» የሚለውን ቃል ትቼ የወሩን ስም እጽፋለሁ፦ ፏፏቴው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያምራል፣ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ እንግዳው ከሚመጣበት ቀን ወደ ኋላ እቆጥራለሁ።

ጥምቀትን እንውሰድ። በዓሉ ጥር 11 ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ትኬቱን የሚቆርጠው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው እንበል። እሱ መፈለግ ሲጀምር ጽሑፉ ጉግል ላይ ቦታ ይዞ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ፣ ነሐሴ ላይ ይወጣል። ሐምሌ ላይ ይጻፋል። ፎቶው ደግሞ ካለፈው ጥር መነሳት ነበረበት! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው፤ ሐምሌ ላይ የጥምቀት ፎቶ ከየት ይመጣል? የቀን መቁጠሪያው ላይ «ፎቶ አንሳ» የሚል መስመር ራሱን ችሎ ይግባ።

ሰንጠረዡ ከዚህ የተወሳሰበ አይደለም። አንድ የኤክሴል ገጽ፣ አምስት ዓምድ፦ ጥያቄው፣ እንግዳው የሚመጣበት ወር፣ ጽሑፉ የሚወጣበት ቀን፣ ፎቶው መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚታደስ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ጥር 11 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ግን 20 ላይ ይውላል። እንግዳችሁን በአንድ ቀን ልታሳስቱት አይገባም።

በየዓመቱ አዲስ ገጽ መክፈት

```
/timket-bahir-dar-2016
/timket-bahir-dar-2017
```

እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ ይሻማሉ። አሮጌው አንድ ዓመት ሙሉ ያገኘውን ቦታ አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል። ዓመቱን ከአድራሻው አውጡት፤ `/timket-bahir-dar` ብቻ ይሁን። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ዋጋውን፣ ቀኑንና ፎቶውን እዚያው ላይ አድሱ።

በሳምንት ሦስት እጽፋለሁ ማለት

አትጽፉም። በወር ሁለት በቂ ነው፤ አንድ አዲስ፣ አንድ የታደሰ። ያ የሃያ ጥያቄ ደብተር ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያስኬዳል። መብራትና ኔትወርክ ያለ ዕለት ሁለት ሦስቱን ጽፋችሁ ቀን ቆርጣችሁላቸው አስቀምጡ። ዎርድፕሬስ ከሆነ ግን በቀኑ መውጣቱን አረጋግጡ። ጎብኚ ያልበዛበት ድረ ገጽ ላይ የተቀጠረ ጽሑፍ አንዳንዴ ሳይወጣ ይቀራል።

ሰው እንዴት እንደሚጽፍ አለማየት

እኔ «ባሕር ዳር» ብዬ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ «ባህር ዳር» ይላል። ጢስ ዓባይም «ጢስ አባይ» ይሆናል፣ «ጭስ አባይ» ይሆናል። ርዕሱ ላይ ሰው የሚጽፈውን አድርጉ፤ ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ጣል አድርጉት። የቱ እንደሚበዛ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ጉግል ሰርች ኮንሶል ነጻ ነው፤ ሰዎች ጽፈው ወደ እናንተ የመጡባቸውን ቃላት ያሳያል።

ጽሑፍ ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ እዚያ ገብቼ ሁለት ቁጥር አያለሁ። ገጹ ብዙ ጊዜ ታይቶ የሚነካው ሰው ከጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ ርዕሱ መልስ እንዳለው አያሳይም ማለት ነው፤ ርዕሱን እቀይራለሁ። ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ምናልባት ያን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የለም፣ ወይም ትልልቆቹ ድረ ገጾች ይዘውታል። ያኔ ጥያቄውን አጠባለሁ። «የጣና ገዳማት» ከሚለው ይልቅ «ዘጌ በግማሽ ቀን» ለትንሽ ቤት ይቀላል።

ባለፈው እኚያ ሴት ደወሉልኝ። የዘጌው ጽሑፋቸው ላይ «ዘጌ ቡና የት ይገዛል» ብለው የሚመጡ ሰዎች አይተዋል። እሳቸው ስለ ቡና አንድም ቃል አልጻፉም ነበር። «ሃያ አንደኛው መስመር ላይ አስገባሁት» አሉኝ፣ «ፎቶውን ቅዳሜ ሄጄ አነሳለሁ።»