ያላመነውን «አምኗል» ብሎ መጻፍ፦ የዲሲፕሊን ቃለ ጉባኤ የት የት ይበላሻል?

ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንዴ ሦስት ጆንያ ቡና ጎደለና ቁልፍ ያዡ ተጠየቀ። የያዝኩት ቃለ ጉባኤ በኋላ ክርክር ላይ ሲቀርብ የሰውየው ጠበቃ አንድ በአንድ በጣጠሰው። ስህተቶቹ የኔ ነበሩ።

ምልክት፦ ሠራተኛው «አልፈርምም» ይላል

«እልኸኛ ነው» ከማለታችሁ በፊት የጻፋችሁትን አንብቡ። እኔ የጻፍኩት «ጥፋቱን አምኗል» ብዬ ነው። ሰውየው ያለው ግን፦ «ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ማታ ስወጣ መሳቢያ ውስጥ ትቼው ነው የምሄደው፤ ሁሉም ያውቃል።» ቁልፍ መያዙን አመነ እንጂ ቡና መውሰዱን አላመነም። እንዲያውም ቁልፉን ሌላ ሰው ሊያገኘው ይችል እንደነበር ነገረን። እኔ በሁለት ቃል መከላከያውን አጠፋሁበት።

መፍትሄው ጥያቄውንና መልሱን በቅደም ተከተል፣ መልሱን በተናጋሪው አፍ መጻፍ ነው። «አምኗል»፣ «ዋሽቷል»፣ «ማስረዳት አልቻለም» የሚሉት ድምዳሜዎች ናቸው። ቦታቸው የውሳኔ ሐሳቡ ነው፤ እሱም በሌላ ወረቀት ይጻፍ።

ከመፈረሙ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡለት። ከፊርማው በላይ «የፈረምኩት ቃሌ በትክክል መጻፉን ለማረጋገጥ ነው፤ ጥፋት ማመኔ አይደለም» የሚል መስመር ይኑር። ብዙ «አልፈርምም» እዚህ ጋ ያልቃል። አሁንም እምቢ ካለ ምክንያቱን ጻፉ፦ «ተነቦላቸው፣ ‹ሦስተኛው መልስ እኔ ያልኩት አይደለም› ብለው አልፈረሙም።» የተገኙት ሁሉ ከሥሩ ይፈርሙ። «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብቻ ከሆነ ግን መነበቡንም አያሳይም።

ምልክት፦ «ጸሐፊው ወግኗል» የሚል ቅሬታ

ይህን ለረጅም ጊዜ አላየሁትም ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ገለጹ»፣ «አስረዱ»፤ ቁልፍ ያዡ «አለ»፣ «ለማስረዳት ሞከረ»። አንዱ አንቱ፣ ሌላው አንተ። ውሳኔው ሳይሰጥ ግሱ ፈርዷል። ለሁሉም አንቱታ፣ ለሁሉም «ተናገሩ» ይሁን። «ተከሳሽ» ከማለትም የሥራ መደቡን መጻፍ ይሻላል።

ምልክት፦ ምስክሩ «እንዲህ አላልኩም» ይላል

የጥበቃ አባታችን የተናገሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ቃለ ጉባኤው የተያዘው በአማርኛ። ጅማ ላይ ይህ የየዕለት ነገር ነው። ስለ አንዱ ጆንያ «ፉዸቴ» አሉ፤ «ወሰደ» ማለት ነው። እኔ «ሰረቀ» ብዬ ጻፍኩ። «ሰረቀ» ለማለት ቢፈልጉ «ሃቴ» ይሉ ነበር። ሰው ጆንያ ታዞም ይወስዳል።

ክርክር የሚያስነሳውን ቃል እንደተነገረ ጻፉና ትርጉሙን አስከትሉ። ማን እንደተረጎመም ይጻፍ። ተርጓሚው ከሳሹ አለቃ ባይሆን መልካም ነው፤ እኛ ጋ እሱ ነበር። ምስክሩም ቃላቸው በራሳቸው ቋንቋ ይነበብላቸው።

ምልክት፦ ምስክሩና ካሜራው አይገጥሙም

ጥበቃው «ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም» አሉ። እኔ «2:30» ብዬ አለፍኩ። ካሜራው ላይ ያለው `24/01/2024 20:40` ነው። ጠበቃው «የጠዋቱ ነው የማታው?» ሲል መልስ አልነበረንም።

ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ 20:40 ማለት ማታ 2:40 ነው። ስለዚህ «ጥር 15 ቀን 2016፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40፤ ካሜራው ላይ `24/01/2024 20:40` ይላል» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። የምስክሩ «ግድም» አትጥፋ፤ እሷን ስትሰርዙ ግምቱ እርግጠኛ ይመስላል። የካሜራው ሰዓት ራሱ ሊዛነፍ ስለሚችል ከስልክ ጋር አስተያዩና ልዩነቱን መዝግቡ።

ቀን ካነሳን አይቀር፣ አሠሪው ጉዳዩን ያወቀበት ቀንም ይጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት፣ ምክንያቱ ከታወቀ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላ ያልፋል። የኮሚቴው ስብሰባ ቀን ብቻ ካለ ቆጠራው ከየት እንደጀመረ አይታወቅም።

ምልክት፦ «በኋላ ተቀይሯል» ይባላል

ስርዝ ድልዝ ነው ጣጣው። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙት፤ ከሥሩ ይነበብ። ትክክሉን ከጎኑ ጽፋችሁ ሠራተኛውም እናንተም ፈርሙበት። እያንዳንዱ ገጽ «ገጽ 2 ከ4» ተብሎ ይቆጠር፤ ፊርማም በየገጹ ይኑር። የተረፈውን ባዶ ቦታ በሰያፍ መስመር ዝጉት። ስብሰባው ላይ የጫጫራችሁትን ማስታወሻም አትጣሉ። የኔን ጥዬው ስለነበር «ቁልፉ እኔ ጋ ነበር» የሚለውን ሙሉ ቃል መልሰን ያገኘነው ከአንድ የኮሚቴ አባል ደብተር ነው።