የጋራ ፍሪጅ ደንብ፦ የተረፈ ምግብ መቼ እንደሚጣል ለቤት ልጆች እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት በጋራ ተከራይቶ መኖር የተለመደ ነው። አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንዱ ተማሪ፤ ወጥ ቤቱ አንድ፣ ፍሪጁም አንድ። በዚህ ፍሪጅ ውስጥ የሚቸግረው ሌባ አይደለም። የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ የማይታወቅ ክዳኑ የተገጠመ ዕቃ ነው። ባለቤቱ ረስቶታል። ሌላው ደግሞ የሰው እህል ለመጣል ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ ዕቃው እዚያው ይከርማል።

ይህን የሚፈታው አንድ አጭር መልእክት ነው። ግን መልእክቱ ሁለት ነገር በግልጽ መናገር አለበት፦ ምግቡ በየትኛው ቀን እንደሚጣልና ማን እንደሚጥለው። «ፍሪጁን በንጽህና እንያዝ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያንቀሳቅስም።

መጀመሪያ ፍሪጁን እዩት

ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት ፍሪጁ በደንብ እንደሚያቀዘቅዝ አረጋግጡ። ውስጡ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። መቆጣጠሪያው ላይ ያሉት 1፣ 2፣ 3 የሚሉት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ዲግሪ አይደሉም። በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። የፍሪጅ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ጠዋት አንብቡት።

«እዚህ አገር ብርዱ ራሱ ፍሪጅ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የደብረ ብርሃን ሌሊት እውነትም ይቀዘቅዛል። ግን በሩ የተዘጋ ወጥ ቤት፣ ያውም ምድጃ ሲነድበት ያመሸ፣ እስከ 4 ዲግሪ ይወርዳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ወፍራም ድስት ሙሉ ወጥ ደግሞ መሀሉ ለብ እንዳለ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ባክቴሪያ የሚራባው በዚያ ለብታ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወጥ ከእሳት ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ጠለቅ በማይል ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪጅ ይግባ። ድስቱን እንዳለ አታስገቡ። መሀሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ አጠገቡ ያለውንም ምግብ ያሞቃል።

ከዚያ ቀኖቹን ወስኑ

የበሰለ የተረፈ ምግብ በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። እኔ ለጋራ ቤት 3 ቀን እመርጣለሁ። በሩ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ መብራትም ይሄዳል። ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት፣ ፓስታ፣ ሥጋ ወጥ፣ ዶሮ ወጥ ሁሉም በዚሁ 3 ቀን ይግቡ። አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል።

ከዚህ የሚለየው ጥቂት ነው። ሩዝ በማግስቱ ይለቅ። ሩዝ ውስጥ የሚኖር አንድ የባክቴሪያ ዓይነት ሲቀቀል አይሞትም፤ ሩዙ ውጭ ከቆየ ደግሞ መርዝ ያመነጫል። ክትፎ በተገዛበት ቀን ይበላ። ሌላ ጥሬ ሥጋ በ2 ቀን ካልተሠራ ፍሪዘር ይግባ። የተፈላ ወተት 2 ቀን፣ አይብ 3 ቀን ይበቃዋል። የተነጠረ ቅቤና በርበሬ በዚህ ደንብ ውስጥ አይገቡም።

ብዙ ቤት ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ «ደግሜ ካፈላሁት ምን ይሆናል?» ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ሙቀት አብዛኛውን ባክቴሪያ ይገድላል። ነገር ግን አንዳንድ ባክቴሪያ አስቀድሞ ያመነጨውን መርዝ አያጠፋውም። 100 ዲግሪም ቢሆን አያጠፋውም። በርበሬውና ቅቤውም አያድኑትም። ስለዚህ በመልእክታችሁ ውስጥ «ማሞቅ ቀኑን አያድስም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑር። የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ፣ ዋናውን ዕቃ ቶሎ መልሱት።

ማሽተትም መፍትሔ አይደለም። የኮመጠጠና የሻገተ ምግብ ራሱን ያጋልጣል። ሰውን የሚያሳምም ምግብ ግን ሽታውም ጣዕሙም ደህና ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው የተጻፈ ቀን ነው።

ዕቃው ላይ የሚጣልበትን ቀን ጻፉ

«ማክሰኞ ተሠራ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አንዱ ማክሰኞን ቀን አንድ ብሎ ይቆጥርና ሐሙስ ይጥለዋል። ሌላው ከረቡዕ ይጀምርና አርብ ይላል። ጭቅጭቁን ለማስቀረት ቆጠራውን ያበሰለው ሰው ይጨርስ፤ ዕቃው ላይ የሚጣልበት ቀን ይጻፍ። የወር ቀን አያስፈልግም። አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል። ከሳምንት በላይ የሚቆይ ወጥ ስለሌለ የዕለቱ ስም ይበቃል።

የወረቀት ፕላስተርና ማርከር በክር አስራችሁ ፍሪጁ እጀታ ላይ አንጠልጥሉ። ማርከሩ መኝታ ቤት ካለ ማንም ሄዶ አያመጣም። ፕላስተሩን የምትለጥፉት ዕቃው ደረቅ ሳለ ነው፤ ላብ ከያዘው አይጣበቅም። ክዳን ይቀያየራልና ጎኑ ላይ ለጥፉ።

መልእክቱ

«አንዳንዶቻችን» ብላችሁ አትጀምሩ። አራት ሰው ባለበት ግሩፕ «አንዳንዶቻችን» ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አሽሙር ይሆናል። ያለፈውን ትታችሁ ከዛሬ ጀምሩ። እንዲህ ብትጽፉት ይሆናል፦

«ሰላም የቤቱ ልጆች። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ፍሪጁን በዚህ ደንብ ብንጠቀም ብዬ አስቤያለሁ። ያልተስማማችሁበት ካለ እስከ እሁድ ማታ ንገሩኝ፣ እናስተካክለዋለን።

1. የበሰለ ምግብ ሁሉ 3 ቀን። የተሠራበት ቀን አይቆጠርም። ሩዝ በማግስቱ ይለቅ። ጥሬ ሥጋ 2 ቀን፣ ከዚያ ፍሪዘር። የተፈላ ወተት 2 ቀን፣ አይብ 3 ቀን።
2. ዕቃው ላይ የምግቡ ስምና የሚጣልበት ቀን ይጻፍ። ምሳሌ፦ ሽሮ፣ ሐሙስ ማታ ይጣል።
3. ማሞቅ ቀኑን አያድስም።
4. ከመጣያው ቀን በፊት ባለው ማታ ምግቡ የጋራ ነው። የራበው ሳይጠይቅ ይብላ።
5. ቀኑ ሲደርስ ያየው ሰው ይጣለው። ፈቃድ አይጠየቅም፣ ቅሬታም የለም። ዕቃውን አጥቦ ይመልስ። ቀን ያልተጻፈበት ቅዳሜ ጠዋት ይወጣል።
6. የጾም ምግብ ላይኛው መደርደሪያ፣ የፍስክ መካከለኛው፣ ጥሬ ሥጋ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ከሁሉም በታች።
7. መብራት ሲሄድ ያየ ሰው ሰዓቱን እዚህ ይጻፍ። በሩ አይከፈት። መብራቱ ከሄደ 4 ሰዓት ካለፈው ወጥ፣ ሥጋ፣ ወተትና ሩዝ ይጣላሉ።»

ተራ ቁጥር 4 እና 5 የመልእክቱ ልብ ናቸው። እህል መጣል ለማናችንም ይከብደናል፤ ሊከብደንም ይገባል። ለዚህ ነው ከመጣሉ በፊት አንድ ማታ ለሁሉም ክፍት የሚሆነው። ከዚያ በኋላ የተረፈውን የሚጥለው ሰው ደግሞ ፈቃዱን አስቀድሞ ከባለቤቱ አግኝቷል፤ ይሉኝታ አይዘውም።

ስለ ተራ ቁጥር 6 አንድ ነገር ልጨምር። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው የሚኖሩበት ቤት ከሆነ የሥጋው ቦታና ዕቃ ለየብቻ መሆን አለበት። ይህን በግሩፕ ከማወጅ በፊት በአካል ጠይቁ።

አንድ ወጥ ተከትለን እንይ

አራት ልጆች ማክሰኞ ማታ የበግ ወጥ ሠሩ እንበል። ሁለቱ ጾመኞች ናቸው። ድስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወረደ፣ ተበላ፣ ግማሹ ተረፈ። እስከ 2 ሰዓት ተኩል ፍሪጅ መግባት አለበት። ፕላስተሩ ላይ «የበግ ወጥ፣ አርብ ማታ ይጣል» ተባለ።

አሁን ሳምንቱን ተመልከቱ። ረቡዕ ጾም ነው። አርብም ጾም ነው። ለጾመኞቹ ያለው ሐሙስ ብቻ ነው። ማክሰኞ የተሠራ ሥጋ ወጥ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ለዚህ ነው፤ ሦስት ቀን ይመስላል፣ የሚበላው ግን በአንዱ ነው። ሐሙስ ማታ ላይ ባለቤቱ ግሩፑ ላይ «ወጡ ነገ ይጣላል፣ ነገ ደግሞ ጾም ነው፤ ዛሬ እንጨርሰው» ብሎ ይጻፍ። የሚሻለው ግን ማክሰኞ ማታውኑ ትርፉን ሁለት ቦታ ከፍሎ አንዱን ለሐሙስ ፍሪጅ፣ ሌላውን ፍሪዘር ማስገባት ነው። ፍሪዘር የገባው አርብ ማታ ወደ ፍሪጅ ይውረድ፣ በረዶው እዚያው ይልቀቅ፣ ቅዳሜ ይበላ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀልጥ አይደር።

ማንም ቤት ሳይኖር መብራት ከሄደስ?

በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት። ሁሉም ሥራ ላይ ሆኖ ሰዓቱን የሚመዘግብ ከሌለ ጎረቤት ጠይቁ። ለፍሪዘሩ ደግሞ ቀላል ምልክት አለ፦ አንድ ስኒ ውሃ አቀዝቅዙና የአንድ ብር ሳንቲም በረዶው ላይ አስቀምጡ። ከክፍለ ሀገር ስትመለሱ ሳንቲሙ ስኒው ታች ወርዶ በረዶ ውስጥ ካያችሁት ሁሉም ነገር ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሥጋውን አትመኑት። ሳንቲሙ ከላይ ካለ ግን ፍሪዘሩ ደህና ነበር።

መልእክቱን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፒን አድርጉት፣ አንድ ቅጂም ፍሪጁ በር ላይ ለጥፉ፤ ለእንግዳም ይጠቅማል። ጾም ሲገባና ሲወጣ እንደገና አንብቡት። ሁዳዴ ሲገባ የፍስክ መደርደሪያው ባዶ ሊሆን ስለሚችል ለጾም ወጥ ይለቀቅ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና አርብ ስለማይጾሙ የማክሰኞው ወጥ እስከ አርብ ድረስ በላተኛ አያጣም።