ሦስት የጣሪያ ዋጋ በአንድ ወረቀት

ሐዋሳ ያለው የእናቴ ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር። ሦስት ባለሙያዎች ዋጋ ሰጡን፦ 92 ሺህ፣ 68 ሺህ እና 24 ሺህ ብር። 24ቱ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። 68ቱ በ35 ጌጅ ቆርቆሮ የታሰበ ነው፤ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል።

እንዲህ ስለማይወዳደሩ ለሦስቱም አንድ የሥራ ዝርዝር ራሴ ጻፍኩ፦ በ32 ጌጅ 60 ካሬ ክዳን፣ አሮጌውን ማንሳት፣ አሸንዳ፣ የበሰበሰ ሞራሌ መቀየር። ካሬው የሚለካው በተሸፈነው ጣሪያ እንጂ በተገዛው ቆርቆሮ አይደለም አልኩ፤ መደራረቡ ላይ ብዙ ይጠፋልና። የሞራሌው ብስባሽ ቆርቆሮው ሳይነሳ አይታወቅም፤ ለሁሉም 20 ሜትር ብዬ ያዝኩ፣ ልዩነቱ በሜትር ዋጋ ይታሰባል።

ሦስቱም የዕቃና የእጅ ዋጋ ለይተው ሞሉልኝ። 92ቱ ባለበት ቆየ። 68ቱ 96 ሺህ ገባ። 24ቱ ከነዕቃው 89 ሆነ፤ ሥራውን ለእሱ ሰጠን።