የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ስትከፍቱ ገንዘቡን ከፋፍሉት

ባሕር ዳር ጣና ዳር ዓሣ የሚሸጡ ጎረቤቴ 200,000 ብር ለአንድ ዓመት በ12 በመቶ አስቀመጡ። ወለዱን በየወሩ መውሰድ፣ በየሦስት ወሩ መውሰድ ወይም መጨረሻ ላይ በአንዴ መቀበል ይቻል ነበር። እሳቸው በየወሩ 2,000 ብር መረጡ። ለወር አስቤዛ ጥሩ ነው።

በአምስተኛው ወር መጨረሻ የጀልባቸው ሞተር ተበላሸና 50,000 ብር ፈለጉ። ከተቀማጩ ላይ ቀንሶ ማውጣት አይቻልም፣ ውሉ በሙሉ መፍረስ አለበት ተባሉ። ውሉ ደግሞ ቀድሞ ለወጣ ገንዘብ የሚታሰበው የተራ ቁጠባ ወለድ፣ 7 በመቶ ነው ይላል። የአምስት ወሩ 5,833 ብር ብቻ ሆነ። እሳቸው ግን 10,000 ብር ወስደዋል። ልዩነቱ 4,167 ብር ከዋናው ገንዘብ ላይ ተቆረጠ፤ እጃቸው የገባው 195,833 ብር ነው። በጣም አዘንኩላቸው፤ ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም።

ገንዘቡን በአራት የተለያየ የተቀማጭ ሰርተፊኬት፣ በ50,000 ብር ከፋፍለው ቢሆን ኖሮ የሚያፈርሱት አንዱን ብቻ ነበር። ኪሳራው ወደ 1,042 ብር ይወርዳል፣ የቀሩት ሦስቱም በ12 በመቶ ይቀጥላሉ።

ቅጣቱ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «በአምስተኛው ወር ባወጣ በብር ስንት ይደርሰኛል?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሰርተፊኬቱን አስይዞ መበደር ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። የቀረው ጊዜ ትንሽ ከሆነ ከማፍረስ ይሻላል።